ጅራታም ኮከብ ጅራቱን ከወዴት ያገኘዋል?

በሱዳን ሰሜናዊ ክፍል ከዋዲ ሐልፋ ተነሥቶ የኑብያን በረሓ እያቋረጠ ወደ አቡ ሐመድ የሚሄድ የባቡር ሐዲድ አለ። በዚህ ሐዲድ ላይ የሚገኙት ትንንሽ ጣቢያዎች የሚጠሩት በቁጥር ነው። ከእነርሱም ስድስተኛው ጣቢያ በዐረብኛ «አልማሓጣ ሲታ» ይባላል። ይህ ጣቢያ በአካባቢው አሸዋና ድንጋይ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የሌለበት ሆኖ ሳለ፥ ስሙ በዓለም ሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ የገባው ከሰማይ በመጣ አንድ እንግዳ ምክንያት ነው።

በአውሮጳ አቆጣጠር ኦክቶበር 6 ቀን 2008 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት፥ በሌሞን ተራራ ላይ በተተከለ ቴሌስኮፕ ሰማዩን ይመረምር የነበረው ሪቻርድ ኮዋልስኪ፥ በከዋክብት መካከል የምትንቀሳቀስ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አገኘ። መንገዷ በሒሳብ ሲሰላ ነጥቧ ወደ ምድር እየገሠገሠች መሆኗና ከተገኘችበት ሰዓት ጀምሮ 20 ሰዓት ያህል ሲያልፍ በሱዳን በረሓ ላይ እንደምትወድቅ ታወቀ። ስፋቷ 4 ሜትር ያህል፥ ይኸውም አንድ የጭነት መኪና የሚያክል አለት ነበረች። ለሰው የሚያሰጋ መጠን ባይኖራትም፥ ገና በጠፈር ውስጥ ሳለች ታይታ የምትወድቅበት ቦታና ሰዓት አስቀድሞ ሲነገር ይህች የመጀመሪያይቱ ናት።

የተነገረውም አልቀረም። በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል፥ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ሲሆን፥ አለቲቱ በየሴኮንዱ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ እየተወረወረች ወደ አየር ገባች፤ ከምድር በላይ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትደርስም ታላቅ ብርሃን ሰጥታ ፈነዳች። ብርሃኑን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ይበር የነበረ የአንድ አውሮፕላን አብራሪ አይቶታል። ከሁለት ወር በኋላ፥ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ሙዓውያ ሸዳድና ፒተር የኒስከንስ የተባለው ሊቅ ተማሪዎችን አሰልፈው በረሓውን በእግር ማሰስ ጀመሩ። ተማሪዎቹ ጎን ለጎን ተራርቀው፥ ዓይናቸውን ከአሸዋው ላይ ሳይነቅሉ ሲሄዱ ጥቋቁር ድንጋዮች አገኙ። እየቆየ የተሰበሰበው ስብርባሪ 600 ያህል ደረሰ፤ ክብደቱ በጠቅላላው 10 ኪሎ ግራም ከጥቂት ነው። ከሰማንያ ቶን ያላነሰ ይመዝናል ተብሎ ከተገመተው አለት ለምድር የደረሳት ይህ ብቻ ሲሆን፥ የቀረው በአየር ላይ ተቃጥሎ ትቢያ ሆኗል።

ይህ ታሪክ ብዙ ሰዎች እየደባለቁ የሚጠሯቸውን ስሞች ለመለየት ይጠቅማል። ያቺው አንዲት አለት በአንድ ሌሊት ውስጥ ሦስት ስሞች ተፈራርቀውባታል። በጠፈር ውስጥ ፀሐይን እየዞረች ሳለች አስትሮይድ ነበረች። ወደ አየር ገብታ ስትነድ የታየው ብርሃን ሕዝብ ተወርዋሪ ኮከብ የሚለው፥ ሊቃውንትም ሚትዮር የሚሉት ነው። ከበረሓው የተለቀመው ድንጋይ ደግሞ ሚትዮራይት ይባላል። አለቲቱ ከአንድ ሜትር ያነሰች ብትሆን ኖሮ ገና በጠፈር ሳለች ስሟ አስትሮይድ መሆኑ ቀርቶ ሚትዮሮይድ በተባለ ነበር፤ በአስትሮይድና በሚትዮሮይድ መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ ነውና። ወሰኑም ሰዎች ለሥራ እንዲመቻቸው ያኖሩት ነው እንጂ በተፈጥሮ የተሰመረ አይደለም። ተወርዋሪ ኮከብ የሚለው ስም ምንም እንኳ ያማረ ቢሆን ከእውነት የራቀ ነው። በየሌሊቱ ብልጭ ብለው ከሚጠፉት አብዛኞቹ የአሸዋ ቅንጣት የሚያህሉ ሚትዮሮይዶች ናቸው፤ ከምድር ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይም ነደው ያልቃሉ።

አስትሮይዶች በብዛት የሚገኙት በማርስና በጁፒተር ምሕዋሮች መካከል ነው። ከእነርሱ የመጀመሪያውን በፓሌርሞ ከተማ ጁሴፔ ፒያሲ ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ዓ.ም. አይቶ ሴሬስ ብሎ ሰየመው። ሴሬስ ወርዱ 940 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀጣዩ ዓመት ዊሊያም ኸርሸል ለእነዚህ አካላት አስትሮይድ የሚል ስም አወጣላቸው፤ ትርጓሜውም «ኮከብ መሳይ» ማለት ነው። በቴሌስኮፕ ሲታዩ እንደ ፕላኔት ክብ ሆነው ሳይሆን እንደ ኮከብ ነጥብ ብቻ ሆነው ስለሚታዩ ነው። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይታወቃሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ቢሰበሰቡ የጨረቃን ክብደት ከመቶ ዐምስት እጅ እንኳ አይሞሉም።

ጅራታም ኮከብ ወይም ኮሜት ግን በመጠን ሳይሆን በባሕርዩና በመንገዱ የተለየ ነው። አስትሮይድ በአብዛኛው አለትና ብረት ሲሆን፥ ኮሜት ግን በረዶ፥ ትቢያና ጠጣር ጋዝ የተደባለቁበት ጓል ነው። ይህንንም በ1950 ዓ.ም. በግልጥ ያስረዳው ፍሬድ ዊፕል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ነበር። አስትሮይዶች ከሞላ ጎደል ክብ በሆነ መንገድ ፀሐይን ይዞራሉ፤ ኮሜቶች ግን መንገዳቸው እጅግ የተለጠጠ ስለ ሆነ ዘመናቸውን አብዛኛውን የሚያሳልፉት ብርድ በሚበረታበት በሩቅ ነው፤ ወደ ፀሐይ የሚቀርቡትም ለጥቂት ጊዜ ነው። የጅራቱም ነገር የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ለዚህ ነገር የታወቀው ምሳሌ የሃሌይ ኮሜት ነው። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ በ1531፥ በ1607 እና በ1682 ዓ.ም. የታዩት ጅራታም ኮከቦች መንገዳቸው የሚመሳሰል መሆኑን መርምሮ፥ ሦስቱ አንድና ያው ናቸው፤ በ1758 ዓ.ም. ገደማም ይመለሳል ብሎ ጻፈ። እርሱ ራሱ በ1742 ዓ.ም. ስለ ሞተ የቃሉን መፈጸም ለማየት አልታደለም። ኮሜቱ ግን በ1758 ዓ.ም. በልደት ቀን ታየ፤ ያየውም ዮሐን ፓሊች የተባለ ጀርመናዊ ገበሬ ነበር።

ይህ ኮሜት ከፀሐይ እጅግ በሚርቅበት ጊዜ በመካከላቸው ያለው ርቀት 5,300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲቀርብ ደግሞ 88 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ርቀቱ በ60 እጅ ይቀንሳል ማለት ነው፤ የብርሃን ብርታት ደግሞ ርቀት በእጥፍ ሲቀንስ በአራት እጥፍ የሚጨምር ስለ ሆነ፥ በኮሜቱ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ሙቀት ከ3,500 ጊዜ በላይ ይበረታል። በሩቁ ስፍራ እንደ ድንጋይ ጸንቶ የኖረው በረዶ ይህን ሙቀት ሊችለው አይችልም።

ነገር ግን በረዶው አይቀልጥም። አንባቢ በዚህ ላይ ጥቂት ቢያስተውል መልካም ነው። በምድር ላይ በረዶ ሲሞቅ ውሃ የሚሆነው፥ የአየር ክብደት ከላይ ስለሚጫነው ነው። በጠፈር ውስጥ ግን የሚጫን አየር ስለሌለ ውሃ እንደ ውሃ ሆኖ ሊቆይ አይችልም፤ በረዶው በቀጥታ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ይህን የመሰለ ነገር በቤት ውስጥ ማየት የሚፈልግ ሰው በልብስ ሣጥን ውስጥ የሚጨመረውን ናፍታሊን ይመልከት። ናፍታሊኑ ልብሱን ሳያርሰው ከወር ወደ ወር እየከሳ ይሄድና በመጨረሻ ሽታው ብቻ ይቀራል። የኮሜቱም በረዶ እንደዚሁ ሳይቀልጥ ይተናል። የውሃው በረዶ በብርቱ መትነን የሚጀምረው ከፀሐይ 400 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ነው፤ ከውሃ ይልቅ በቀላሉ የሚተኑት ጋዞች ግን ከዚያ አስቀድመው ይወጣሉ።

እንፋሎቱ ሲወጣ በረዶው ውስጥ ታስሮ የነበረውን ትቢያ ይዞት ይነሣል። የኮሜቱ አስኳል ትንሽ ስለ ሆነ የመሳብ ኃይሉ እጅግ ደካማ ነው፤ በእርሱ ላይ የቆመ ሰው በርትቶ ቢዘል ተመልሶ ለመውረድ ብዙ ጊዜ በፈጀበት ነበር። ስለዚህ በሴኮንድ ብዙ መቶ ሜትር እየሮጠ የሚወጣውን ጋዝ ሊመልሰው አይችልም። ጋዙና ትቢያው በዙሪያው ተሰራጭተው መቶ ሺህ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጭጋግ ይሆናሉ። ከምድር የሚታየው የኮሜት ራስ ይህ ጭጋግ ነው፤ አስኳሉ ግን በውስጡ ተሸፍኖ አይታይም።

አስኳሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ማየት የተቻለው በማርች ወር 1986 ዓ.ም. ነው። ሁለት የሶቪየት መንኰራኵሮች ቀድመው አልፈው መንገዱን ካመለከቱ በኋላ፥ ጆቶ የተባለችው የአውሮጳ መንኰራኵር ከአስኳሉ በ596 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አለፈች። በመካከላቸው የነበረው ፍጥነት በሴኮንድ 68 ኪሎ ሜትር ነበርና፥ በዚህ ፍጥነት አንዲት ትንሽ ቅንጣት እንኳ እንደ ጥይት ናት። በእርግጥም እጅግ ልትቀርብ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሯት ከትቢያው አንዲት ቅንጣት መታቻት፤ መንኰራኵሯም ስለ ተናወጠች መልእክቷ ተቆራረጠ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ጸንታ መልእክቷን በደኅና መላክ ቀጠለች። ከዚያ በፊት የላከቻቸው ሥዕሎች ብዙዎችን አስደንቀዋል። አስኳሉ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር፥ ወርዱ 8 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ ቅርጹ ወጣ ገባ ያለበት ጓል ሲሆን፥ መልኩ ነጭ በረዶ ሳይሆን ከሰል የመሰለ ጥቁር ነበር። ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ አራት እጅ ያህሉን ብቻ ይመልሳል። በረዶው ከላይ በጥቁር ትቢያ ቅርፊት ተሸፍኗል፤ እንፋሎቱ የሚወጣውም ከመላው ገጹ ሳይሆን ፀሐይ በምታይበት በኩል፥ ከጥቂት ቦታዎች እንደ ምንጭ እየተፈናጠረ ነው። ከሚወጣውም ጋዝ ከመቶ ሰማንያ እጅ ያህሉ የውሃ እንፋሎት ሆኖ ተገኘ።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ጭጋጉ እንዴት እንደሚወለድ ነው፤ ጅራት ለመሆን ግን የሚገፋው ያስፈልገዋል። ጅራቱ አቧራ በሚነሣበት መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ወደ ኋላው እንደሚተወው አቧራ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። በጠፈር ውስጥ ወደ ኋላ የሚያስቀር አየር የለም። ጀርመናዊው ጴጥሮስ አፒያን በ1531 ዓ.ም. ያንኑ የሃሌይን ኮሜት ሲመለከት፥ ጅራቱ ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ የተዘረጋ መሆኑን አስተዋለ፤ ይህንኑ የቻይና ሊቃውንት ከእርሱ ብዙ ዘመን ቀድመው ያውቁት ነበር። ከዚህ የተነሣ ኮሜቱ ወደ ፀሐይ ሲሄድ ጅራቱ ከኋላው ይከተለዋል፤ ከፀሐይ ሲመለስ ግን ጅራቱ ቀድሞት ይሄዳል። ጌታው ከግብር ሲመለስ ፋኖስ ይዞ ከፊት ከፊት የሚሄድን አሽከር ይመስላል።

የሚገፋው ምንድን ነው ቢባል፥ አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር ነው፤ ስለዚህ ጅራቱም ሁለት ነው። የመጀመሪያው ገፊ ብርሃኑ ራሱ ነው። ብርሃን በሚያርፍበት ነገር ላይ እጅግ ጥቂት ግፊት አለው፤ በእጃችን ላይ ሲያርፍ አይሰማንም፤ ለጥቃቅን ትቢያ ግን ይህ ግፊት ከፀሐይ የመሳብ ኃይል ጋር የሚፎካከር ነው። ምክንያቱን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። የአንዲት ቅንጣት ወርድ በግማሽ ቢቀንስ ብርሃን የሚያርፍበት ገጿ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ክብደቷ ግን ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ ቅንጣቲቱ ባነሰች ቁጥር ገፊው ከሳቢው ይበረታባታል። የአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ የሚያህሉት ርቀው ይገፋሉ፤ ተለቅ ያሉት ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ፤ የጠጠር ያህል የሆኑት ደግሞ ከኮሜቱ መንገድ ከቶ አይርቁም። እንዲህ ትቢያው በየመጠኑ እየተለየ ሲዘረጋ ሰፊና ቆልመም ያለ፥ ወደ ብጫ የሚያደላ ጅራት ይሆናል። ብርሃኑም የፀሐይ ብርሃን ነጸብራቅ ነው።

ሁለተኛው ጅራት ቀጥ ያለ፥ ቀጭንና ሰማያዊ ነው። ይህን ጅራት ብርሃን ገፋው ማለት አላስኬደም። በ1951 ዓ.ም. ሉድቪግ ቢርማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ፥ በዚህ ጅራት ውስጥ የሚታዩት ጉብታዎች የሚገሠግሡበትን ፍጥነት ሲመረምር፥ ብርሃን ብቻውን ይህን ያህል ሊገፋ እንደማይችል አየ። ስለዚህ ከፀሐይ ሳያቋርጥ የሚነፍስ ሌላ ነገር መኖር አለበት ብሎ ደመደመ። መንኰራኵር ገና ወደ ሰማይ ሳይወጣ፥ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ላይ እንደተሰቀለ የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ ጨርቅ ሆኖ አገለገለው ማለት ነው። በ1962 ዓ.ም. ማሪነር 2 የተባለችው መንኰራኵር ወደ ቬኑስ ስትጓዝ ነፋሱን ራሱን ለካችው። የፀሐይ ነፋስ የሚባለው ይህ ነው፤ ኤሌክትሪክ ባላቸው ጥቃቅን ነገሮች የተሞላ፥ በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሮጥና የፀሐይን የመግነጢስ ኃይል ይዞ የሚጓዝ ነው። ከኮሜቱ የወጣው ጋዝ በማይታየው የፀሐይ ጨረር ሲመታ ኤሌክትሮኑን ያጣና እርሱም በበኩሉ ኤሌክትሪክ ያለው ይሆናል። ያን ጊዜ የነፋሱ የመግነጢስ ኃይል ይይዘውና ይዞት ይሄዳል። ሰማያዊውም መልክ የሚመጣው እንዲህ ከሆነው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሄል ቦፕ የተባለው ኮሜት በታየ ጊዜ በብዙ አገር የነበሩ ሰዎች ሁለቱን ጅራቶች ለየብቻቸው ያለ መነጽር ለማየት ችለዋል።

ጅራቱ ሚሊዮን ኪሎ ሜትሮች ቢረዝምም በውስጡ ያለው ነገር ከምንም አይቈጠርም። ይህን አለማወቅ በ1910 ዓ.ም. ብዙ ሰው አስጨንቋል። የሃሌይ ኮሜት በዚያ ዓመት ሲመለስ፥ በሜይ ወር ምድር በጅራቱ ውስጥ ታልፋለች ተባለ፤ በጅራቱም ውስጥ ሲያኖጅን የተባለ መርዛም ጋዝ መገኘቱ ተነገረ። ሊቃውንቱ ምንም ጉዳት እንደማያመጣ ቢናገሩም፥ የቤታቸውን ቀዳዳ የደፈኑ ነበሩ፤ የኮሜት መድኃኒት ነው እየተባለ የሚሸጥ ክኒን የገዙም አልጠፉም። ቀኑ አለፈ፤ አንድም ሰው የሸተተው ነገር አልነበረም። በጅራቱ ውስጥ ያለው ጋዝ ሰዎች በመሣሪያ አየርን መጥጠው ባዶ ካደረጉት ዕቃ ይልቅ የሳሳ ነውና። ትርፉን ያገኙት ክኒን ሻጮቹ ብቻ ናቸው።

ከጅራቱ ይልቅ ወደ ምድር በእውነት የሚደርሰው ብርሃን ሊገፋው ያልቻለው ጠጠርና አሸዋ ነው። እርሱ በኮሜቱ መንገድ ላይ እየተበተነ ይቀራል፤ ሚትዮሮይድም ይሆናል። ምድር በየዓመቱ ሁለት ጊዜ በሃሌይ ኮሜት ፍርፋሪ ውስጥ ታልፋለች፤ አንደኛው ወደ ሚያዝያ መጨረሻ፥ ሁለተኛው ጥቅምት 11 ቀን ገደማ ነው። በእነዚያ ሌሊቶች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ከመብራት ርቆ ወደ ሰማይ የሚመለከት ሰው፥ በሴኮንድ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ የሚገቡትን የኮሜቱን ቅንጣቶች ሲነዱ ያያል። ከእነዚህ አንዱም ድንጋይ ሆኖ መሬት ሲደርስ ታይቶ አይታወቅም፤ እጅግ ደቃቆች ናቸው፥ ፍጥነታቸውም አይምራቸውም። የሱዳኗ አለት ግን ከአስትሮይድ ወገን ስለ ሆነች፥ ጠንካራ ስብርባሪዋ ሊተርፍ ችሏል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ በአስትሮይድና በኮሜት መካከል ያለው አጥር ሁልጊዜ የጸና አይደለም። በ1983 ዓ.ም. የተገኘው ፋኤቶን አለት ነው፥ አስትሮይድም ይባላል፤ ሆኖም መንገዱ እንደ ኮሜት የተለጠጠ ሲሆን፥ ወደ ፀሐይ 21 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ይቀርባል። በየዲሴምበሩ የሚታየው ብዙ የተወርዋሪ ኮከብ መዓትም ከእርሱ የመጣ ነው። በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ አጭር ጅራት ያወጣል፤ በ2023 ዓ.ም. የወጣው ምርመራ ግን ጅራቱ ትቢያ ሳይሆን ከሙቀቱ ብርታት የተነሣ የሚተን ሶዲየም መሆኑን አሳየ። ጅራት ለማውጣት በረዶ እንኳ የግድ እንዳልሆነ የታየው ደግሞ በሴፕቴምበር 26 ቀን 2022 ዓ.ም. ነው። አሜሪካኖች አንዲት መንኰራኵር ሆን ብለው ዲሞርፎስ ከተባለ ትንሽ አስትሮይድ ጋር አጋጯት፤ ከግጭቱ የተነሣውን ትቢያ የፀሐይ ብርሃን ገፍቶ ሺሕ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ጅራት አደረገው። ስለዚህ ጅራት ያየ ሰው ሁሉ ኮሜት አየሁ ከማለቱ በፊት፥ ጅራቱ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ እየረዘመ ሲርቅም እያጠረ መሄዱንና በራሱ ዙሪያ ጭጋግ መኖሩን ማጣራት አለበት።

የሃሌይ ኮሜት ራሱ አሁን ጅራት የለውም። በዲሴምበር ወር 2023 ዓ.ም. ከፀሐይ እጅግ ከሚርቅበት ከመንገዱ ጫፍ ደርሶ ፊቱን መልሷል። በዚያ ብርድ ውስጥ ጋዙም እንፋሎቱም ጠጥሮ፥ ጥቁር ጓል ሆኖ ቀስ እያለ ወደ ፀሐይ በመውረድ ላይ ነው። ወደ ፀሐይ እጅግ የሚቀርብበት ቀን ጁላይ 28 ቀን 2061 ዓ.ም. መሆኑ በሒሳብ ተለክቶ ታውቋል።